አልገዛም፤ ግን በዝግታ ነው የምሄደው

መርካቶ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ አንድ አረማመድ ያውቃል። ሻጩ የመጨረሻ ዋጋውን ተናግሯል፤ ገዢውም «በቃ ይቅር» ብሎ ዕቃውን ወደ ቦታው መልሷል። ከዚያ ፊቱን ያዞርና ይሄዳል፤ ግን አይቸኩልም። የጎረቤቱን ሱቅ አየት ያደርጋል፣ ኪሱን ይዳብሳል፣ አራት አምስት እርምጃ ይራመዳል። ሻጩ ይህን አረማመድ ማንበብ ያውቅበታል። «ና እስቲ፣ ስንት ትጨምራለህ?» የሚለው ጥሪ የሚመጣው ያኔ ነው። ሮጦ የሄደውን ማንም አይጠራውም፤ ከሱቁ ደጃፍ ንቅንቅ ላላለውም ማንም ዋጋ አይቀንስለትም።

በኢሜይል ሲሆን አረማመድ አይታይም። ለአንድ ፋብሪካ «ዋጋችሁን አልተቀበልንም» ብሎ የጻፈ ሰው በዝግታ ይሂድ በሩጫ የሚያውቅለት የለም፤ ያለው የጻፈው ቃል ብቻ ነው። ብዙ ዓመት በግዥ ሥራ ላይ ስቆይ ካየኋቸው ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ከሁለቱ አንዱ ነበሩ። አንዱ በሩን ጠርቅሞ የሚዘጋ ነው። ሌላው ደግሞ ተቀብሏል አልተቀበለም የማይታወቅ፣ «እናስብበታለን»፣ «እንነጋገርበታለን» እያለ የሚያልፍ ነው። እኔ ራሴ ሁለቱንም ጽፌአለሁ፤ ከሁለቱ የበለጠ ያስከፈለኝ ግን ለስላሳው ነው።

ነገሩን በአንድ የካርቶን ግዥ ላስረዳ። የምሠራበት ድርጅት ሽሮና በርበሬ አሽጎ ለሱፐር ማርኬቶች የሚያቀርብ አነስተኛ ድርጅት ነበር። አንድ ኪሎ የሚይዙ 12 ከረጢቶች አንድ ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ካርቶኑ ባለ አምስት ሽፋን ሲሆን ሁለት ቀለም ይታተምበታል፤ በጥቁር የድርጅቱ ስም፣ በቀይ ደግሞ የበርበሬ ዛላ ሥዕል። ከአንድ ካርቶን ፋብሪካ አንዱን በ46 ብር ስንገዛ ቆይተናል።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን ተሻገረ። የካርቶን ዋነኛ ወጪ ወረቀቱ ነው፤ የፋብሪካው ክራፍት ወረቀት ደግሞ ከውጭ ይገባል። ስለዚህ ሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የ8,000 ካርቶን ፕሮፎርማ ሲደርሰኝ ዋጋው መጨመሩ አላስገረመኝም፤ ያስደነገጠኝ መጠኑ ነው። አንዱ ካርቶን 61 ብር፣ ያውም ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት። ከታች በትንንሽ ፊደል «ዋጋው እስከ ዓርብ ኅዳር 6 ብቻ የጸና ነው» ይላል።

መልስ ከመጻፌ በፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። 61 ብር ለ12 ሲካፈል በአንድ ኪሎ ሽሮ ላይ 5 ብር ከ8 ሳንቲም ያርፋል። በድሮው ዋጋ 3 ብር ከ83 ነበር። ልዩነቱ 1 ብር ከ25 ሳንቲም ነው። ይህቺን አንድ ብር ከምናምን ሸማቹ ላይ መጫን ብንችል ኖሮ ይህ ጽሑፍ አይኖርም ነበር። አልቻልንም፤ ምክንያቱም ለሱፐር ማርኬቶቹ እስከ ጥር መጨረሻ ላንጨምር ዋጋ ገብተናል። የያዝነው ትርፍ ሊሸከመው የሚችለው ካርቶን ቢበዛ 52 ብር የሚያወጣ ነው። በ8,000 ካርቶን ላይ የ9 ብር ልዩነት 72,000 ብር ነው፤ ታክሱ ሲጨመርበት 82,800።

ይህ ስሌት ከደብዳቤው በፊት መሠራት ያለበት ለምንድን ነው? እምቢ የምንልበትን እውነተኛ ምክንያት የሚነግረን እሱ ስለሆነ ነው። ሳላሰላ ብጽፍ ኖሮ «ዋጋችሁ በጣም ውድ ነው» ብዬ እጨርስ ነበር። ካሰላሁ በኋላ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ታየኝ። የእኛ ችግር እስከ ጥር 30 የታሰረ የመሸጫ ዋጋ ነው፤ ስለዚህ የሚፈታበት ቀን ይታወቃል። «ውድ ነው» የሚል ደብዳቤ አቅራቢውን ይከሳል። «እስከዚህ ቀን እጃችን ታስሯል» የሚል ደብዳቤ ግን መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ ይነግረዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚዘነጉት የሕግ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 1694 ላይ፣ የቀረበለትን ሐሳብ እያሻሻለ ወይም ቅድመ ሁኔታ እየጨመረ «ተቀብያለሁ» የሚል ሰው የመጀመሪያውን ሐሳብ እንዳልተቀበለና እሱ ራሱ አዲስ ሐሳብ እንዳቀረበ ይቆጠራል ይላል። በተራ ቋንቋ፣ 61 ላለ ሻጭ «በ52 ከሆነ እወስዳለሁ» ብለው ከጻፉ የእሱ 61 ሞተ ማለት ነው። በማግስቱ ሐሳብዎን ቀይረው «እሺ በ61 ይሁን» ቢሉት ሊሸጥልዎ አይገደድም። ከዚህም ሌላ የ52ቱ ዋጋ አሁን የእርስዎ ቃል ሆኗል፤ ሻጩ «እሺ» ካለ የታሰሩት እርስዎ ነዎት። ባንክ ውስጥ ገንዘቡ ሳይኖር «ይህን ያህል ካደረጋችሁ እንወስዳለን» ብሎ መጻፍ የዋዛ ነገር አይደለም።

የሕግ ተማሪዎች በዚህ ላይ የሚማሩት አንድ የእንግሊዝ ክርክር አለ፤ የ1840ው የሃይድና የሬንች ጉዳይ። ሬንች እርሻውን በ1,000 ፓውንድ ሊሸጥ ሐሳብ አቀረበ። ሃይድ 950 ልስጥህ አለ። ሬንች እምቢ ሲለው ሃይድ ተመልሶ «በ1,000ው ተስማምቻለሁ» ብሎ ጻፈ፤ ሬንች ግን አልሸጥም አለ። ፍርድ ቤቱም ውል የለም ብሎ ወሰነ፤ የ950ው ሐሳብ የ1,000ውን ገድሎታልና። ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ በአንድ የብረት ሽያጭ ክርክር የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የነገሩን ሌላ ገጽ አሳየ። ገዢው ዋጋውን ሳይነካ «ርክክቡ በሁለት ወር ውስጥ ቢሆን ትቀበላላችሁ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ይህ ጥያቄ እንጂ እምቢታ አይደለም ተባለ፤ የሻጩ ሐሳብም በሕይወት ቆየ። የእኛ ፍርድ ቤቶች በእንግሊዝ ፍርድ አይገዙም፤ ግን በመጠየቅና በአልቀበልም መካከል ያለውን ልዩነት እነዚህ ሁለት ታሪኮች አጥርተው ያሳያሉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፤ የጸናበት ጊዜ ሳያልፍ መጀመሪያ ይጠየቃል፣ እምቢ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ለፋብሪካው የላክሁት ኢሜይል ምንም ዋጋ አልጠራም። ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀ። «61 ብሩ በየትኛው መጠን ላይ የተሰላ ነው? ካርቶኑን በሁለት ጊዜ ብንረከብ ይለወጣል ወይ?» ረቡዕ መልስ መጣ። ዋጋው ለ8,000 የመጨረሻ ነው፣ ክሊሼው በእጃቸው ስላለ ግን አያስከፍሉንም። ጨዋ መልስ ነበር። የሽያጭ ኃላፊዋም ደውለው የወረቀቱን ዋጋ እያሰቡ እንቅልፍ እንዳጡ ነገሩኝ፤ አመንኳቸው።

ሐሙስ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ያቺ ቀን የመጣችው እንደ ድሮዬ ብጽፍ ኖሮ እንዲህ እል ነበር፦ «ፕሮፎርማችሁ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን። ከማኔጅመንት ጋር ተነጋግረን እናሳውቃችኋለን።» ይሉኝታ ያጻፈው ደብዳቤ ነው። እኛ ሀገር «እናሳውቃችኋለን» ማለት «አይሆንም» ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል ይባላል። እውነት አይደለም፤ ግማሹ ሰው ያውቃል፣ ግማሹ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት በነበረ አንድ ግዥ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ልኬ፣ አቅራቢው ለእኛ ብሎ ወረቀት ይዞ ሌላ ደንበኛ መለሰ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደውሎ እንደማንገዛ ሲሰማ ምንም አልተቆጣም። ለሚቀጥለው ፕሮፎርማ ግን መልስ አልሰጠኝም። ያኔ ነው በግልጽ የተነገረ እምቢታ ከዚህ የተሻለ አክብሮት እንደሆነ የገባኝ።

ሐሙስ ኅዳር 5 መጀመሪያ ስልክ ደወልኩ። እዚህ ሀገር ለዓመታት አብሮ ለሠራ ሰው መጥፎ ዜና በጽሑፍ ብቻ መላክ ያስቀይማል፤ ይህን ልማድ የሚያቃልሉ ሰዎች ገጥመውኛል፣ አልስማማም። በስልኩ ውሳኔውን ነገርኳቸው። በሰዓቱ ውስጥም ይህን ኢሜይል ላክሁ።

ርዕስ፦ የ8,000 ካርቶን ፕሮፎርማ፤ በዚህ ዙር እንደማንገዛ ስለማሳወቅ

ለሽያጭ ክፍል ኃላፊ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት በስልክ እንደተነጋገርነው፣ ኅዳር 2 ቀን የላኩልንን ፕሮፎርማ ተመልክተነዋል። ክሊሼውን ላለማስከፈል ስለተስማሙና ለጥያቄያችን በማግስቱ ስለመለሱ እናመሰግናለን።

አንዱን ካርቶን በ61 ብር ያቀረቡበትን ዋጋ በዚህ ዙር ልንቀበለው አልቻልንም። ስለዚህ በእኛ ስም ወረቀት እንዳይያዝ፣ የምርት ተራም እንዳይጠበቅ በአክብሮት እናሳውቃለን።

ምክንያታችን የካርቶኑ ጥራት ወይም የአቀራረብ ጉድለት አይደለም። ለሱፐር ማርኬቶች የገባነው የመሸጫ ዋጋ እስከ ጥር 30 ስለማይለወጥ፣ እስከዚያ ድረስ የማሸጊያ ወጪያችን በዚህ መጠን ሊጨምር አይችልም።

የሚቀጥለውን የስድስት ወር ግዥ በየካቲት የመጀመሪያ ሳምንት እንወስናለን። ፍላጎታችን 16,000 ገደማ እንደሚሆን እንገምታለን፤ ይህ ግምት እንጂ ትእዛዝ አይደለም። በዚያን ጊዜ ኅትመቱ ከሁለት ቀለም ወደ አንድ ቢወርድና ርክክቡ በሁለት ጊዜ ቢሆን ዋጋው ስንት እንደሚሆን አስልተው ቢልኩልን ከማንም በፊት ከእርስዎ ጋር ብንነጋገር ደስ ይለናል። ሰኞ የካቲት 3 እኔ ራሴ እጽፍልዎታለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የግዥ ክፍል

ይህን ደብዳቤ ቃል በቃል እንዲገለብጡት አይደለም ያሰፈርኩት። ጥቂት ቦታዎቹን ግን ቀረብ ብለን እንያቸው።

«በዚህ ዙር ልንቀበለው አልቻልንም» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሁለተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ላይ ተቀምጧል እንጂ በመጨረሻ አልተደበቀም። ርዕሱ ላይም አለ። የሽያጭ ሰው በቀን ብዙ ኢሜይል ያያል፤ ምስጋናውን አንብቦ «ተቀበሉን» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። «በዚህ ዙር» የሚሉት ሁለት ቃላት ደግሞ የመርካቶው ገዢ ዝግታ ናቸው፤ እምቢታውን ሳያላሉ በጊዜ ይገድቡታል። «ወረቀት እንዳይያዝ፣ ተራ እንዳይጠበቅ» የሚለው ሐረግ ለእኛ ምንም አይጠቅምም። ለእነሱ ግን ገንዘብ ነው፤ በዚያው ቀን ወረቀቱን ለሌላ ደንበኛ ሊያውሉት ይችላሉ። እምቢ እያሉ ለሌላው ወገን ማሰብ የሚታየው እንዲህ ባለ ተግባራዊ መስመር ነው። «ለወደፊቱ መልካም ግንኙነታችን እንደሚቀጥል ተስፋ እናደርጋለን» የሚለው የተለመደ መዝጊያ አንድም ወረቀት አያድንም፤ እኔም ካቆምኩት ቆየሁ።

52 ብር የሚለውን ቁጥር ደብዳቤው ውስጥ አያገኙትም። ሆን ተብሎ ነው። ብጽፈው ኖሮ አዲስ ሐሳብ ማቅረብ ይሆናል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ሳምንት ለመግዛት አልተዘጋጀሁም። በዚያ ላይ የካቲት ሲመጣ ድርድሩ ከ52 ወደ ላይ ይጀመራል እንጂ ወደ ታች አይወርድም። በአንጻሩ የዋጋውን ምክንያት፣ የሚወሰንበትን ቀን፣ የሚፈለገውን መጠንና ሊቀነስ የሚችለውን ነገር በግልጽ ሰጥቻለሁ። በር የሚከፈተው በእነዚህ ነው። ሻጩ ቁጭ ብሎ የሚያሰላበት ነገር ከሌለው «በራችን ክፍት ነው» ማለት ባዶ ሰላምታ ነው።

ቀለሙን ለምን መረጥኩ? ካርቶን ላይ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ክሊሼ፣ የራሱ ቀለም ማዘጋጀትና ማሽን ማስተካከል አለው። አንድ ቀለም ሲቀነስ ፋብሪካው እውነተኛ ወጪ ይቀንሳል። መጠኑ ከፍ ሲል ደግሞ ያው የማሽን ዝግጅት ለብዙ ካርቶን ይካፈላል። ሻጭ ያለ ምንም ምክንያት ዋጋ ሲያወርድ ሁለት ነገር አንዱ ነው፤ ወይ መጀመሪያ አስወድዶብናል፣ ወይ ኋላ ከጥራቱ ይቆርጥብናል። ባለ አምስት ሽፋን ተብሎ ቀጭን ወረቀት የገባበት ካርቶን ከላይ ሲያዩት አይታወቅም። መጋዘን ውስጥ ስድስት ሆኖ ሲደረደር የታችኛው ሆዱ ይነፋና ያኔ ይታወቃል። ስለዚህ ቅናሽ ስንጠይቅ ከየት እንደሚመጣም አብረን ብንጠቁም ለሁለታችንም ይበጃል። ሽፋኑን ቀንሱልን አለማለቴም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሌላ ድርጅት ስንት እንደሰጠንም አልጻፍኩም። በዚያ ሳምንት ሌላ ፋብሪካ 53 ብር ብሎን ነበር፤ ግን ከ15,000 በታች አይሠራም፣ ዕቃውንም በሁለት ወር ነው የሚያደርሰው። «ሌላ ቦታ 53 ነው» ብዬ ይህን ሳልጠቅስ ብጽፍ ግማሽ ውሸት ይሆናል። የካርቶን ሰዎች እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ወረቀቱንም ብዙውን ጊዜ ከተመሳሳይ ምንጭ ነው የሚያስመጡት። ውሸቱ በአንድ ስልክ ይጋለጣል። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ምንም ቢያምር የሚያምነው የለም። የሌላውን ፕሮፎርማ ፎቶ አንስቶ መላክማ ነውር ነው፤ ነገ የእርስዎም ፕሮፎርማ እንዲሁ ይዞራል።

የራሴን ጥፋት አንድ ልናገር። ከዚህ ግዥ ሁለት ዓመት በፊት ለአንድ የከረጢት አቅራቢ እምቢታ ስጽፍ፣ አዲስ ኢሜይል ከመክፈት ይልቅ ከሒሳብ ክፍል ጋር ስንጻጻፍበት የቆየነውን ፎርዋርድ አደረግሁት። የእኔ ጨዋ ደብዳቤ ከላይ ሆነ፤ ከሥሩ ደግሞ «ቢከብደንም እስከ 14 ብር መሄድ እንችላለን» የሚለው የውስጥ መልእክት ተከትሎ ሄደ። ሰውዬው ከአንድ ሰዓት በኋላ ደውለው በጣም በትህትና «14 ብር ይስማማናል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእምቢታ ደብዳቤ ሁልጊዜ በአዲስ ገጽ እጀምራለሁ፤ የተቀባዩንም አድራሻ የምሞላው በመጨረሻ ነው።

በቴሌግራም ብንልከውስ የሚሉኝ አሉ። ቴሌግራም ለመነጋገር ይመቻል፣ እኔም ናሙና የማየው በእሱ ነው። ነገር ግን አንዱ ወገን የላከውን መልእክት ከሁለቱም ስልክ ላይ ሊያጠፋው ይችላል። ዋጋ ሲቀርብና ሲመለስ ቀኑና ቃሉ ቢቀመጥ ይሻላል።

ስለ ዝምታም አንድ ቃል። ፕሮፎርማ ደርሶን ዝም ብንል በመርሕ ደረጃ ዝምታችን እንደ መስማማት አይቆጠርም። ይህ ግን ቀድሞ ውል ለሌለው ሰው ነው። ቀጣይነት ያለው የአቅርቦት ውል ካለንና አቅራቢው ዋጋ ማሻሻሉን በተለየ ጽሑፍ ገልጾ «በቂ በሆነ ጊዜ ውስጥ መልስ ካልሰጣችሁ እንደተቀበላችሁ እንቆጥረዋለን» ብሎ ካሳወቀ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ዝምታውን እንደ መቀበል ሊወስደው ይችላል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶዎት መሳቢያ ውስጥ ካስገቡት፣ በሚቀጥለው ወር የሚመጣው ደረሰኝ በአዲሱ ዋጋ ቢሆን አይገረሙ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዥ ደግሞ የራሱ አዋጅና መመሪያ አለው፤ እዚያ ያለ ሰው እኔ የጻፍኩትን ዓይነት ነፃ ድርድር በደብዳቤ ልክፈት ቢል ጣጣ ውስጥ ይገባል።

ወደ ካርቶናችን እንመለስ። ለሐሙሱ ኢሜይል የመጣው መልስ አንድ መስመር ነበር፤ «ደርሶናል፣ እናመሰግናለን።» ከዚህ ምንም ማንበብ አይቻልም፣ ባልደረቦቼ ግን «ተቀየሙ» አሉ። የመልስ ማጠር መቀየም አይደለም። መቀየም የሚታወቀው በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ነው፤ መልስ ሲዘገይ፣ ወይም ዋጋው ማብራሪያ ሳይኖረው የበለጠ ሰማይ ሲወጣ። መሀሉን ያለፍነው ያልታተመ ካርቶን እየገዛን፣ ስቲከር እየለጠፍን ነው። ስቲከሩ በእርጥበት እየተላቀቀ አስቸገረን፤ ሁለት ልጆች ከሰዓት በኋላ ሥራቸው እሱን መልሶ መለጠፍ ሆነ። ይህንንም ወጪ አስልቼ ያዝኩት።

የካቲት 3 ሰኞ ጠዋት፣ ቃል በገባሁት ቀን ጻፍኩ። ብዙ ገዢ እዚህ ላይ ይወድቃል። የተጠቀሰው ቀን ሲያልፍ ምንም ሳይጽፍ ይቀራል፣ ሻጩም ያ ሁሉ «በየካቲት» ማባበያ እንደነበር ይደመድማል። የሚጻፈው «ዘንድሮም አንገዛም» ቢሆን እንኳን በቀኑ መጻፍ አለበት። እኔ ኅዳር 5 ላይ ኢሜይሉን እንደላክሁ ቀኑን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር አክብቤበት ነበር።

ለካስ ፋብሪካው አስልቶ ቆይቶ ነበር። ከሰዓት በፊት መልስ መጣ፤ 16,000 ካርቶን፣ አንድ ቀለም፣ ግማሹ በመጋቢት ግማሹ በሰኔ፣ አንዱ በ56 ብር፣ 40 በመቶ ቅድመ ክፍያ። ዶላሩ በዚያ መሀል አልቀነሰም፤ የተለወጡት ቀለሙ፣ መጠኑና ርክክቡ ናቸው። በእኛም በኩል የሱፐር ማርኬቶቹ ዋጋ በየካቲት ታድሷል። 56 ብር ለ12 ሲካፈል በኪሎ 4 ብር ከ67 ሳንቲም ነው፤ በአዲሱ ዋጋ እንሸከመዋለን። ቅድመ ክፍያው 30 በመቶ ይሁን አልኩ፣ 35 ላይ ተገናኘን፣ ፈረምን።

የመጀመሪያው ጭነት ሲራገፍ ካርቶኖቹ በጥቁር ብቻ የታተሙ ነበሩ። ቀዩ የበርበሬ ዛላ ጠፍቷል። እስካሁን ድረስ የት ሄደ ብሎ የጠየቀን ደንበኛ የለም።